ቡና ላይ ወሬዋን የሚነጥቋትን የወንድሜን ሚስት እንዴት ልርዳት? (ደሴ)

የሰኞ ገበያ ልጅ

እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ ዴንማርክ ነው የሚኖረው። ባለቤቱ የዚያው አገር ሰው ናት፤ ደሴ እኛ ቤት ከመጣች ሦስት ወር ሊሆናት ነው። ከመምጣቷ በፊት ሁለት ዓመት ያህል አማርኛ ተምራለች። ፊደሉን ታነባለች፣ ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ተከራክራ ትገዛለች፣ እኔና እሷ ብቻችንን ከሆንን ደግሞ ወሬዋ አያልቅም። ችግሩ ቡና ላይ ነው። እማዬ፣ አክስቴና አንዲት ትልቅ ጎረቤታችን ረከቦቱን ከበው ሲቀመጡ ልጅቷ ድዳ ትሆናለች። አንድ ነገር ትጀምራለች፣ አንዷ ትነጥቃታለች። እንደገና ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትነጥቃታለች። በረካ ሲደርስ ሥራዋ ፈገግ እያሉ ሲኒ መሰብሰብ ብቻ ነው።

እማዬ «ኩራት ይሆን? ከኛ ጋር ማውራት ደከማት?» ማለት ጀምራለች። እሷ ደግሞ ማታ ለወንድሜ «አማርኛዬ መጥፎ ስለሆነ ማንም አይሰማኝም» ትለዋለች። ሁለቱም ልክ አልመሰሉኝም። እናቴ ሰው የምትንቅ አይደለችም፣ ልጅቷም ኩራት የሚባል አልፈጠረባትም።

ሌላው ነገር፦ ያልሰማችው ነገር ሲኖር «ምን?» ትላለች። ለእማዬ! እማዬ ችላ ትላለች፣ ጎረቤታችን ግን ቅንድቧ ከፍ ሲል አያለሁ።

ምን ብዬ ልምከራት?

አብሽር ነው

አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ቀላል ነው። የሰሜን ፈረንጆች ዝምታ ይወዳሉ። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ቆጥረው ነው የሚመልሱ። ወሎ ደግሞ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል፣ ማንም ተራ አይጠብቅም። ድምጿን ከፍ አድርጋ «ቆይማ! ቆይማ!» እያለች ትግባ። ሁለቴ ሦስቴ ስትገባ ይለምዷታል።

የሐረጎ ሾፌር

ኧረ ይሄን ጉዳይ ያነሳሽ ተባረኪ። እኔም በሰው ወሬ ተቸግሬአለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስወርድ ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ያወራኛል፤ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ እያለ ዞር ብዬ ካላየሁት ይቀየማል። በትህትና ዝም የሚያሰኝ ቃል ካላችሁ ንገሩኝ።

የሰኞ ገበያ ልጅ

@የሐረጎ ሾፌር ሃሃ፣ የኔ ጥያቄ የተገላቢጦሽ ነው ወንድሜ። ዝም ያለችውን ነው ማናገር የፈለግኩት።

@አብሽር ነው «ቆይማ» ብላ ሞክራለች። ለጎረቤታችን! ሴትዮዋ የእማዬ ታላቅ ናት። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ልጅቷ ራሷ ደንግጣ ልትል የነበረውን ረሳችው።

ድምፅ መዝጋቢ

በትልቅ ሰው ላይ «ቆይማ» አይሆንም፤ ለእኩያ ነው። «ቆይ እስቲ እትዬ»ም ቢሆን ከልጅ አፍ ነው የሚያምረው።

ስለ ዝምታው የተባለው ግማሹ እውነት ነው። በ2009 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት ወጥቶ ነበር። ጥያቄ ካለቀበት እስከ መልሱ መጀመሪያ ያለውን ክፍተት ለኩ። አማካዩ የአንድ ሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከአሥሩ ቶሎ የሚመልሱት ጃፓኖች ሲሆኑ የዘገዩት ደግሞ፣ ገጠመኝ ነው እንጂ፣ ዴንማርኮች ናቸው። ዘገዩ ሲባል ግን ከግማሽ ሴኮንድ በታች ነው። «ቆጥረው ይመልሳሉ» የሚያሰኝ አይደለም። አማርኛ ከአሥሩ አልነበረበትም፣ ስለዚህ ስለኛ በቁጥር መናገር አልችልም። የሰውን ልጅ በሩብ ሴኮንድ ልዩነት ድዳ ያደረጋት ነገር ግን አለ ብዬ አላምንም።

ምክር ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሁሉንም አስፈቅደሽ አንድ ቡና በስልክሽ ቅጂና እሷ የተነጠቀችበትን ቦታ ቃል በቃል ጻፊልኝ። «እሺ» እና «እ» ሁሉ ሳይቀር። ሰው ስለ ንግግር ከትዝታው የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ የተባለውን ሳይሆን የተሰማውን ነው።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ሁሉም ፈቀዱ። (ጎረቤታችን «ሬዲዮ ላይ ልታወጪን ነው?» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።) ይኸውላችሁ፤ «ሙ» የወንድሜ ሚስት ናት፦

ሙ፦ ትናንት ኮምቦልቻ ሄድኩ።
እማዬ፦ እሰይ! ሙቀቱ እንዴት ነው?
ጎረቤት፦ ኮምቦልቻማ የእህቴ ልጅ አሁን እዚያ ቤት ተከራይታ... (ሁለት ደቂቃ ያህል ስለ ኪራይ)
ሙ፦ ታክሲ ውስጥ ጃንጥላ ረሳሁ።
አክስቴ፦ ውይ! እኔም በቀደም ነጠላዬን ጥዬ... (ስለ ነጠላው)
ሙ፦ ዛሬ ረዳቱ አየኝ።
እማዬ፦ እሺ።
(ዝምታ)
ጎረቤት፦ ቶናው ደረሰ እንዴ?

ጃንጥላዋ እንደተመለሰላት ማንም ሳይሰማ ቡናው አለቀ። እኔ ራሴ ያወቅኩት ማታ ወንድሜ ሲነግረኝ ነው።

ድምፅ መዝጋቢ

እጅሽ ይባረክ። መልሱ እዚሁ አለ።

ማንም አልነጠቃትም። ራሷ ናት ሦስት ጊዜ ተራዋን ያስረከበችው።

ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች እዩ፦ «ሄድኩ»፣ «ረሳሁ»፣ «አየኝ»። ሦስቱም በቆመ ግስ ነው ያለቁት። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሰሚው እስከዚያ ድረስ ይጠብቃል። «ነገ ከልጆቹ ጋር ኮምቦልቻ...» ብዬ ባቆም ልሄድ ይሁን ልቀር ገና አልታወቀም። «አልሄድም» ስል ያኔ ሁሉም ነገር ይዘጋል፣ ተራውም ክፍት ይሆናል። ስለዚህ የቆመ ግስ በተናገርሽ ቁጥር በሩን ወለል አድርገሽ ከፍተሻል። እናትሽ «እሰይ! ሙቀቱ እንዴት ነው?» ስትል እየነጠቀቻት አይደለም፤ ዜናው አለቀ ብላ የጨዋ ሰው ወጉን ማድረሷ ነው። ዝም ብትል ነበር ነውሩ።

እኛ አንድ ታሪክ ስንጀምር እንዴት ነው የምንለው? «ትናንት ኮምቦልቻ ሄጄ...»። «ሄጄ» ያለ ሰው አልጨረሰም። ሰሚው ይህን ስለሚያውቅ «እ» ይላል እንጂ አይገባም። እንዲህ ብላ ቢሆን፦

ሙ፦ ትናንት ኮምቦልቻ ሄጄ...
እማዬ፦ እ።
ሙ፦ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ጃንጥላዬን ረስቼ...
አክስት፦ ውይ!
ሙ፦ ዛሬ ጠዋት ረዳቱ ፒያሳ አይቶኝ፣ ጠርቶ ሰጠኝ።

ያው ታሪክ ነው፣ በሩ የተከፈተው ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ። የአክስትሽ «ውይ!» እንኳ ቦታ አልቀየረም፤ በመጀመሪያው ግን የነጠላዋን ወሬ አመጣ፣ እዚህ አጃቢ ሆኖ ይቀራል።

የውጭ ሰው አማርኛ ሲማር መጀመሪያ «ሄድኩ፣ በላሁ፣ መጣሁ» ነው የሚለምደው። «ሄጄ፣ በልቼ» ቆይቶ ይመጣል፣ ያውም ለጽሑፍ እንደሚሆን ነገር። ለቡና ወሬ ግን ቀድሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይቻለሁ። እናትሽ «እሺ» ስትል ልጅቷ አቆመች። «ገባኝ፣ ይበቃል» ያለቻት ነው የመሰላት። እኔ እንደሚመስለኝ ግን «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለቷ ነበር። ጠይቂያት።

ጠርጣራው

ይቅርታ፣ ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም። ደሴ ሆጤ ተወልጄ ነው ያደግኩት። «ሄድኩ፣ አየሁት፣ ምንም የለም» እያልኩ ነው የማወራው፣ የሚነጥቀኝም የለም። ደግሞ «ሄጄ» ሁልጊዜ ያልጨረሰ ነው የሚለው ልክ አይደለም። «ለምን ቀረህ?» ሲሉኝ «አሞኝ» እላለሁ፣ አለቀ። ማን ነው «እ» ብሎ የሚጠብቀኝ?

ድምፅ መዝጋቢ

«አሞኝ» ጥሩ ማስረጃ ነው፣ አመሰግናለሁ። ለ«ለምን?» መልስ ሲሆን ግሱ ከጥያቄው ይወሰዳል፦ «አሞኝ (ቀረሁ)»። ድምፁም ይወርዳል። «ኮምቦልቻ ሄጄ» ላይ ግን ድምፁ ሳይወርድ ይንጠለጠላል፣ የመጨረሻው ድምፅም ትንሽ ይሳባል። ስለዚህ ቅጹ ብቻውን አይበቃም ማለትህ ልክ ነው፤ ዜማውንም አብራ መያዝ አለባት። «ሄጄ» ብላ ድምፅዋን ከጣለች ያው በሩን ከፈተች።

አንተ የማትነጠቀው ለምንድን ነው ላልከው፣ እስቲ ራስህን ቅዳ። «ሄድኩ» እና «አየሁት» መካከል ትንፋሽ አትወስድም ብዬ እወራረዳለሁ። ወይም ደግሞ «ሄድኩና» ነው የምትለው።

ጠርጣራው

ቀዳሁ። 😅 ለወንድሜ ስለ መኪና ጎማ ሳወራ ነው። «ሄድኩና»፣ «ጠየቅኩትና»፣ «እምቢ አለኝና»። አምስት ጊዜ «ና» ብያለሁ። ለካ።

ታዲያ ልጅቷ ለምን «ሄጄ»ን ትማራለች? «ሄድኩ» የሚለውን ታውቀዋለች፣ «ና» ትጨምርበት በቃ።

ድምፅ መዝጋቢ

ይህ ከኔ ምክር ይሻላል። «ሄጄ፣ ሄደህ፣ ሄዳ» ለእያንዳንዱ ሰው መልኩን ይቀይራል፣ «ና» ግን በሁሉም ላይ ያው ነው። «ረሳሁና... አየኝና... ጠራኝና... ሰጠኝ።» ለጆሮ ጥቂት ይደጋገማል፤ ለአሁኑ ግን ተራዋን ይዞላታል። በዚህ ትጀምር።

ከባቲ መጣሁ

የኔን ልንገራችሁ። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። አማርኛ የለመድኩት በ15 ዓመቴ ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ተቀጥሬ ነው። ወሬ የሚነጥቀኝ አልነበረም፤ ኦሮምኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የመንጠልጠሉ ነገር ከቤቴ ይዤው መጣሁ። እኔን ያስቸገረኝ አንቱታ ነበር። ሽማግሌ ደንበኛ ገብተው «ምን ልስጥህ?» እል ነበር። አንድ ቀን አሠሪዬ ሰው ፊት ጮክ ብሎ «‘ምን ልስጥዎ’ በል!» አለኝ። እስካሁን ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ። ደንበኛው ምንም አላሉም፣ ያሳፈረኝ አራሚው ነው።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ዘዴ ይሄ ነው፦ ስህተቱ ከአፌ ሲወጣ ገና ሳልጨርሰው ራሴ እይዘዋለሁ። «ምን ልስጥ... ማለቴ ምን ልስጥዎ?» ሳልቆም፣ ይቅርታም ሳላበዛ። «ማለቴ» ባልኩ ቁጥር ሰዎቹ ፈገግ ይሉና ያልፋሉ። ዝም ብዬ ብደነግጥ ግን ሌላ ሰው ያርመኝና ወሬው ስለ ዘይቱ መሆኑ ቀርቶ ስለኔ አማርኛ ይሆናል።

ቃል ሲጠፋኝ ደግሞ «እንትን» አዳነኝ። «እንትኑን... ያንን የዘይት እንትን... ማንቆርቆሪያውን!» ዝም ብል ኖሮ ሌላው ይገባ ነበር።

ድምፅ መዝጋቢ

@ከባቲ መጣሁ ይህ በብዙ ቋንቋ የታየ ነገር ነው። ሰው ስህተቱን ራሱ እንዲያርም ዕድል ይሰጠዋል፤ ሌላው ቶሎ ብሎ አያርመውም። በ1977 (በፈረንጆች) ሦስት ተመራማሪዎች ይህን በስልክና በቤት ወሬ ቅጂ አሳይተዋል። አሠሪህ የጣሰው ይህንን ነው።

ስለ «እንትን» አንድ ነገር ልጨምር፦ ቃል እየፈለገች ዓይኗን ወደ ሲኒው ወይም ወደ መሬት ታድርግ። ሰው ዓይን ካየች «አግዙኝ» ማለት ነው፣ ወዲያው ይሞሉላታል። መሞላት ከፈለገች ደግሞ ታያቸው።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ሳምንት ሆነን። የሆነውን ልንገራችሁ።

«እሺ»ውን ጠየቅኳት። ወላሂ መዝጋቢው እንዳለው ነው። በእሷ ጆሮ «እሺ» ማለት «ተስማምቻለሁ፣ አለቀ» ነው። እማዬ «እሺ» ባለች ቁጥር እንደተባረረች ቆጥራ ታቆም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ! አሁን «እሺ» ስትሰማ «ና» ብላ ትቀጥላለች።

ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «እ» ግን ምንም አላስቸገረቻትም። ሌላ ፈረንጅ ሲሰማት ሰው የደነገጠ ይመስለዋል፤ እሷ ግን «እኛም አገር ‘አዎ’ን እንደዚህ ወደ ውስጥ የሚሉ አሉ» አለች። ራሷ እየሳበች ትመልሳለች፣ ጎረቤታችን ተገርማ አልጨረሰችም።

አሁን የቀረው ያ «ምን?» ነው። «አቤት?» በይ አልኳት። አለች። ግን ሌላ ጣጣ መጣ፦ «አቤት?» ባለች ቁጥር እማዬ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከነሙሉው፣ ጮክ አድርጋ ትደግምላታለች። ልጅቷ ያልገባት አንድ ቃል ነው፤ ጩኸቱ አልረዳትም።

ድምፅ መዝጋቢ

«አቤት?» ጨዋ ነው፣ ግን ምን እንደጠፋ አይናገርም። እናትሽ ጆሮዋ ያልሰማ መስሏት ትጮኻለች፤ ሌላ ምን ታድርግ? የጠፋውን ለይታ ትጠይቅ። እናትሽ «ነገ ሸዋበር ለቅሶ እንደርሳለን» ካለችና «ለቅሶ» ካልገባት «ነገ ሸዋበር ምን እንደርሳለን ነው ያሉኝ?» ትበል። ቦታው ካልተሰማት «የት ነው ያሉኝ?»። ግማሽ ከገባት ደግሞ ግምቷን ታቅርብ፦ «ሰው ሞቶ ማለትዎ ነው?» ያኔ እናትሽ «አዎ» ብቻ ብላ ታልፋለች። «አቤት?»ን ምንም ላልሰማችበት ታስቀምጠው። «ያሉኝ» የሚለው አንቱታውን ስለያዘ «ምን» ውስጡ ቢኖርም አያስቀይምም።

ብዙ ጠየቅኩ ብላም አትፈር። አሥራ ሁለት ቋንቋዎች ላይ በተሠራ ጥናት አፋቸውን የፈቱበትን ቋንቋ የሚያወሩ ሰዎች እንኳ በአማካይ በየአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ «ምን አልክ?» ዓይነት ነገር ይጠያየቃሉ።

አብሽር ነው

እሺ ተረታሁ። ግን አሁንም ቢሆን መግባት መቻል አለባት። ሁሌ ታሪክ ጀማሪ አትሆንም፣ የሰው ወሬ መሃል የምትለው ነገር ሲኖራትስ?

ከባቲ መጣሁ

ለእኩያ «እኔ ምልሽ»፣ ለትልቅ ሰው «እኔ የምልዎ»። ወይም «ሳልረሳው ልናገር»። ዋናው የሰውየው ግስ እያለቀ እያለ መጀመር ነው። አልቆ ዝም ካሉ በኋላ ብትጀምሪ ሌላው ቀድሞሻል። እኔ «እኔ የምልዎ» ካልኩ በኋላ ነው የምለውን የማስበው። 😂

ድምፅ መዝጋቢ

ቀልድ አይደለም፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የምናደርገው። አንድ ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት ብቻ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይወስዳል፤ ክፍተቱ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ሌላው ገና ሳይጨርስ ካላሰናዳን አንደርስም። በሁለተኛ ቋንቋ ደግሞ ማሰናዳቱ ይረዝማል። በቃሏ የያዘችው መግቢያ ያንን ጊዜ ይገዛላታል።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ሁለት ነገር ቀረኝ፣ ከዚያ አላስቸግራችሁም።

ትናንት የጃንጥላውን ታሪክ እንደገና አወራችው፣ በ«ና»። ሁሉም ሰማ፣ እማዬ እስከ መጨረሻው «እ፣ እ» አለች። ግን መጨረሻው ላይ «...ጃንጥላዬን ሰጠኝና» ብላ ዝም አለች። እማዬ ጠበቀች። ጎረቤታችን ጠበቀች። አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በመጨረሻ እማዬ «እና?» አለቻት። ልጅቷም «እና... የለም» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሁለተኛው፦ የስምንት ዓመት የእህቴ ልጅ በየቃሉ ያርማታል። «‘ሄደች’ አይደለም፣ ‘ሄደ’ ነው» ይላል፣ እንግዳ ፊት። ከባቲ የመጣው ወንድም የተናገረው ትዝ ብሎኝ ልጁን ተቆጣሁት። እሷ ግን «ተዪው፣ ከሁላችሁም የሚያርመኝ እሱ ብቻ ነው» አለችኝ።

ጠርጣራው

መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ጥላ «ሰጠኝ። በቃ።» ትበል። ወይ ደግሞ ወደ አንዷ ዞር ብላ «እርስዎስ ጠፍቶብዎት ያውቃል?»።

ልጁን ግን ተዪው። የምትፈልገው እሷ ናት።

ከባቲ መጣሁ

አልስማማም። ብቻቸውን ሲሆኑ ያርማት፣ እንግዳ ፊት አይሁን። አሁን ትስቃለች። እኔም ያኔ ስቄ ነበር።

የሐረጎ ሾፌር

ስትጨርስ «ወራጅ አለ» ትበል። ማንም አይቀየምም፣ ሁሉም ይሰማል።

ድምፅ መዝጋቢ

ስለ ልጁ እኔም አልቆረጠልኝም። ከእኩያው ወይም ከታላቁ መታረም አንድ ነገር ነው፣ ከስምንት ዓመት ልጅ ሲሆን ምናልባት አያሳፍርም። እስቲ ከመታረሟ በኋላ የምታደርገውን አዳምጪ። «ሄደና...» ብላ ወደ ታሪኳ ከተመለሰች ምንም አልሆነችም። ዝም ካለች ግን፣ ብትስቅም፣ ተራዋን አጥታለች።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ነገ እሑድ ቡና አለ። አዳምጬ እነግራችኋለሁ።